«ሰሊጥ» እና «ሠሊጥ» በአንድ ሠንጠረዥ

የመጨረሻ ዓመት የንግድ ሥራ ተማሪዎቻችን ከፋሽጋ ገበሬዎችና ከገዳሪፍ ነጋዴዎች የሰበሰቡትን መጠይቅ ኤክሴል ላይ አስገብተው በፒቮት ቴብል ጠቅልለው ያቀርባሉ። ሠንጠረዡ ሲታይ ያምራል። እኛ ግን ከሠንጠረዡ በፊት የነበረውን የማጽዳት ሥራ ሳናይ ማርክ መስጠት የለብንም እንላለን።

ፒቮት ቴብል ፊደል ያወዳድራል እንጂ ትርጉም አያውቅም። አንዱ «ሰሊጥ»፣ ሌላው «ሠሊጥ»፣ ሦስተኛው እንደ ገበያው ሰው «ሲምሲም» ብሎ ቢሞላ፣ ለእኛ አንድ እህል ነው፤ ለፒቮቱ ግን ሦስት ረድፍ። ከቃሉ ኋላ የቀረች ባዶ ቦታም ሌላ ረድፍ ትፈጥራለች፤ በዓይን ስለማትታይ እሷ ትብሳለች። አንድ ስም በሠንጠረዡ ላይ ሁለቴ ከወጣ መጠርጠር ያለባት እሷ ናት።

ብዙዎቹ ተማሪዎች መልሱን እዚያው ላይ ያርሙታል። ያኔ ገበሬው ምን እንዳለ፣ ተማሪው ምን እንደለወጠ የሚለይ አይኖርም። የመጀመሪያው ዓምድ ሳይነካ ይቀመጥ። Codes በሚባል ሌላ ሺት ላይ በግራ የተገኙት አጻጻፎች ሁሉ፣ በቀኝ የተመረጠው ስም ይጻፍ። መልሱ B ዓምድ ላይ ከሆነ፣ በአዲስ ዓምድ፦

```
=VLOOKUP(TRIM(B2),Codes!A:B,2,FALSE)
```

በዝርዝሩ የሌለ አጻጻፍ ሲመጣ #N/A ይወጣል። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ወደ ወረቀቱ ተመልሰህ እይ ማለት ነውና።

ከስም ይልቅ የሚያሳስበን መለኪያው ነው። እዚህ አንዱ በፈዳንና በቀንጣር፣ ሌላው በሄክታርና በኩንታል ይመልሳል። ፈዳን 0.42 ሄክታር ነው፤ የሰሊጥ ቀንጣር 45 ኪሎ ገደማ፣ ኩንታል 100 ኪሎ። እንበል አንዱ ከ10 ፈዳን 20 ቀንጣር፣ ሌላው ከ10 ሄክታር 20 ኩንታል አገኘ። ቁጥሩ እንዳለ ከተደመረ 40 ይሆናል፤ እውነተኛው ግን 9 እና 20፣ ማለትም 29 ኩንታል ነው። ተንኮሉ ያለው ምርቱን ለመሬቱ ስናካፍል ነው። ሳይለወጥ 2፣ ተለውጦ 2.04 ይመጣል፤ ቀንጣሩም ፈዳኑም አብረው ስለሚያንሱ ስህተቱ እርስ በርሱ ይሸፋፈናል። አማካዩን ብቻ ያየ መምህር ምንም አይጠረጥርም። ስለዚህ መለኪያው የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ በቁጥሩ ዓምድ ቁጥር ብቻ ይግባ። «20 ቀንጣር» ተብሎ በአንድ ሕዋስ ከተጻፈ Sum ዘልሎት ያልፋል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም።

እርማቱ ሲያልቅ ፒቮቱ ራሱን ካላደሰ Refresh መጫን ያስፈልጋል። ለአንድ ቅጽ አንድ ረድፍ ከተሰጠ፣ የቅጽ ቁጥሩ ዓምድ በ Count ሲቆጠር Grand Total ላይ የሚወጣው ጠረጴዛ ላይ ካሉት ወረቀቶች ጋር እኩል መሆን አለበት። እኛ መጀመሪያ የምንቆጥረው ወረቀቶቹን ነው።