ፎርዋርድ ሬት ትንቢት አይደለም!

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይሄ እውነት ነው?» ብሎ አንድ ፖስት ላከልኝ። ፖስቱ የአንድ ዓመት ወለድ 10 በመቶ፣ የሁለት ዓመት ደግሞ በየዓመቱ 12 በመቶ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ዓመት ወለድ 14 በመቶ እንደሚሆን «ሂሳቡ አረጋግጧል» ይላል። «ስለዚህ ብራችሁን ለሁለት ዓመት አትሰሩ፣ ጠብቁ!» ልጁ ደክሞ ያጠራቀማት 100 ሺህ ብር አለችው። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስሌቱ ልክ ነው። 100 ሺህ ብር በ12 በመቶ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ 125,440 ይሆናል። በ10 በመቶ አንድ ዓመት ሲቀመጥ 110,000 ይሆናል። ይሄ 110,000 በሁለተኛው ዓመት 125,440 እንዲደርስ 14.04 በመቶ መውለድ አለበት። ፎርዋርድ ሬት ማለት ይቺው ናት፤ ሁለቱ መንገዶች እኩል የሚወጡባት ቁጥር። ታዲያ ትንቢቱ ከየት መጣ?

ቁጥሯን የሚያስከብራት የማንም ግምት ሳይሆን አርቢትራጅ ነው። አንድ ባንክ «ለሁለተኛው ዓመት የሚሆን ብድር ዛሬ በ13 በመቶ እዋዋላለሁ» አለ እንበል። እኔ 100 ሺህ በ10 በመቶ ለአንድ ዓመት ተበድሬ፣ በ12 በመቶ ለሁለት ዓመት አስቀምጣለሁ። ዓመቱ ሲደርስ የ110,000 ዕዳዬን በዚያ ውል ብድር እከፍላለሁ። መጨረሻ ላይ 124,300 ከፍዬ 125,440 እቀበላለሁ። ከኪሴ ሰባራ ሳንቲም ሳላወጣ 1,140 ብር! ይህን ያየ ሁሉ ስለሚሻማበት ባንኩ 13ቱን ወደ 14.04 ከፍ ለማድረግ ይገደዳል። ውሉ በ15 በመቶ ቢሆን ደግሞ ተገላቢጦሹን ሠርቼ አተርፋለሁ።

ግን ልብ በሉ! ይህ ሁሉ የሚሠራው በምታስቀምጥበት ወለድ መበደር ስትችል ነው። እኛ ጋ ማን ይችላል? ብድሩ ለአንድ ዓመት 16፣ ለሁለት ዓመት 18 በመቶ ነው እንበል። ያው ጨዋታ አሁን የሚያተርፈው የውሉ ወለድ ከ8.1 በመቶ በታች ሲሆን ብቻ ነው፤ ተገላቢጦሹ ደግሞ ከ26.6 በላይ ሲሆን። በመሀል ያለውን ቁጥር ሁሉ ወደ 14.04 የሚገፋው አርቢትራጅ የለም። የውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለችውን ነጥብ ይዞ «ተረጋግጧል» ማለት ድፍረት ነው።

ለልጁ የመለስኩለት ይህንን ነው፦ «በሚቀጥለው ዓመት ወለዱ ከ14.04 በላይ ይወጣል ብለህ ታምናለህ? ካመንክ በየዓመቱ አድስ። ካላመንክና በመሀል ብሩ የማያስፈልግህ ከሆነ ለሁለት ዓመት አስቀምጥ።» ሂሳቡ ጥያቄውን ያጠራልሃል እንጂ አይመልስልህም።

ያንን ፖስት ሼር ያደረጋችሁ ወዳጆቼ፣ ይህንንም ሼር አድርጉ። ዕዳ አለባችሁ።