መግሪብ ሳይደርስ ስኳር ሲወርድ

በረመዳን ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ በየቤቱ ሩጫ የሚበዛበት ነው። ሾርባው ተጥዷል፣ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ ተምሩ በየሳህኑ ይደለደላል። በዚህ ሰዓት አባት ጥግ ይዘው ዝም ቢሉ፣ ግንባራቸውን ላብ ቢያቸፈችፈው፣ ወይም በትንሹ በትልቁ ቢቆጡ “ፆሙ ከብዷቸው ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው” ይባልና ይታለፋል። አባት የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ይህች “ትንሽ ነው የቀረው” የምትባለው ቃል አደገኛ ናት። በዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን ስኳር ወረደ የሚባለው መቼ እንደሆነ፣ ሲወርድ በቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ፣ የመግሪብን አዛን መጠበቅ ለምን እንደማያስፈልግ እንነጋገራለን።

በቅድሚያ ስጋቱ የማን እንደሆነ እንለይ። የስኳር መውረድ በብዛት የሚያጋጥመው ኢንሱሊን የሚወጉትንና እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ክኒኖች የሚወስዱትን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሰውየው በላም አልበላ ስኳሩን ዝቅ ማድረጋቸውን አያቆሙም። ሱሑር ላይ የተበላው ምግብ ከቀትር በኋላ ሲያልቅ መድኃኒቱ ግን ገና ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን የሚወስድ ሰው ስኳሩ እንዲህ የሚወርድበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

የሚታወሰው ዋናው ቁጥር 70 ነው። በአገራችን በብዛት የሚሠራባቸው መለኪያዎች ውጤቱን በሚሊግራም በዴሲሊትር ያሳያሉ፤ በዚህ አለካክ ከ70 በታች የሆነ ሁሉ ወርዷል ይባላል። ከ54 በታች ሲደርስ ደግሞ አንጎል የሚበቃውን ስኳር እያጣ ስለሆነ ሰውየው ግራ ሊጋባ፣ ራሱንም መርዳት ሊያቅተው ይችላል። ከዚያ አልፎ የሰው እርዳታ ካስፈለገው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ከባድ የስኳር መውረድ ይባላል። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው መለኪያ ከሆነ በሚሊሞል የሚያነብ ሊሆን ይችላል። በእርሱ 70 የሚባለው 3.9፣ 54 የሚባለው ደግሞ 3.0 ነው። መለኪያው ነጥብ ያለው ትንሽ ቁጥር ካሳየ በ18 ማባዛት ነው።

ምልክቶቹ በሁለት ደረጃ ይመጣሉ። በመጀመሪያ ሰውነት ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃል፣ ድንገተኛ ረሃብ ይመጣል። ቀጥሎ አንጎል መጎዳት ሲጀምር ዓይን ይደበዝዛል፣ ንግግር ይተሳሰራል፣ ሰውየው ያለ ምክንያት ይቆጣል ወይም የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ይመልሳል። በፆም ወቅት ችግሩ ረሃብና ድካም ሁሉም ፆመኛ ላይ ስለሚታዩ ማስጠንቀቂያው ከፆሙ ጋር መመሳሰሉ ነው። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብና ግራ መጋባት ግን የፆም ጠባይ አይደሉም። ለብዙ ዓመታት ከስኳር ሕመም ጋር የኖሩ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ጭራሽ ላይሰማቸው ይችላል። ስለዚህ ከሕመምተኛው ይልቅ አጠገቡ ያለው ቤተሰብ ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።

አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። የ58 ዓመቱ አባወራ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ከምሽቱ 11 ሰዓት ከ20 ላይ ተምር በየሳህኑ እየደለደሉ ሳለ ልጃቸው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። “አባባ፣ ይለኩ” ብላ መለኪያውን አመጣች። ጣታቸውን በጨርቅ ጠረግ አድርገው ቢለኩ 121 አለ። “ይኸው፣ ደህና ነኝ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ብትቀር ነው” አሉ። ልጅቷ ግን ላባቸውን እያየች በቁጥሩ አላመነችም። እጃቸውን በሳሙና አስታጥባ፣ አድርቃ ደግማ ብትለካ 62 ሆነ። የመጀመሪያው ቁጥር የደማቸው ሳይሆን በጣታቸው ላይ የቀረው የተምር ስኳር ነበር። በረመዳን ማዕድ ቤት ተምር፣ ማር ወይም ጁስ የነካ እጅ መለኪያን በቀላሉ ያሳስታል፤ ሳይታጠቡ የተለካ ቁጥር አይታመንም።

እዚህ ላይ አባወራው ሊጠይቁ የሚችሉት ጥያቄ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ መታገሥ አይቻልም ወይ? አይቻልም። 62 ላይ ያለ ስኳር ባለበት የሚቆም አይደለም፤ መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ54 በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ሰውየው መብላት እንዳለበት የሚያውቅበት አእምሮም ላይኖረው ይችላል። ለስኳር ሕመምተኛ ፆመኞች የተዘጋጀው የሕክምና መመሪያም ሰዓቱ የቱንም ያህል ቢቀርብ ከ70 በታች ከወረደ ፆሙ ወዲያው ይፈታ ይላል። መለኪያ በሌለበት ምልክቶቹ ከታዩም እንደ ወረደ ተቆጥሮ ይታከማል። ቁጥሩ ከ70 እስከ 90 ከሆነና ምልክት ከሌለ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ መለካት ይገባል። ለመለካት የሚወጣው የደም ጠብታ ፆም እንደማያፈርስም የሃይማኖት አባቶች ያስተምራሉ።

ሕክምናው በሁለት አሥራ አምስቶች ይታወሳል፤ 15 ግራም ፈጣን ስኳር መስጠትና 15 ደቂቃ መጠበቅ። ይህ የሚሠራው ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ሲችል ነው። 15 ግራም ማለት በቤት ውስጥ ያልተቆለለ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መስጠት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ግማሹም ተመሳሳይ ነው። ስኳር የሌለበት ለስላሳ ግን ለዚህ አይጠቅምም። ተምርም ቢሆን ከምንም ይሻላል፤ ትንንሹ ዓይነት 3 ፍሬ ያህል ይበቃል። ነገር ግን መታኘክ ስላለበትና አሰር ስላለው ከተበጠበጠ ስኳር ይዘገያል። ሳምቡሳ፣ ወተትና ቸኮላት ደግሞ ስብ ስላላቸው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ስለሚያዘገዩ ለመጀመሪያ እርዳታ አይመረጡም።

አሁን ወደ ምሳሌው ቤት እንመለስ። ልጅቷ ስኳሩን በጥብጣ 11 ሰዓት ከ20 ላይ ሰጠች። አባት አሁንም ስለራባቸው እጃቸውን ወደ ሳምቡሳው ሰደዱ፤ እርሷ ግን ሳህኑን አሸሸች። ስኳሩ ከአንጀት ወደ ደም እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ረሃቡ ስላልቆመ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳሩን ከ300 በላይ ሊያገኘው ይችላል። 11 ሰዓት ከ35 ላይ ሲለኩ 68 ሆነ። ቀርቧል፤ ነገር ግን ከ70 በታች ስለሆነ ያንኑ መጠን በድጋሚ ሰጠች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መንቀጥቀጡ ሲቀንስ “ደህና ሆንኩ” ብሎ ሁለተኛውን መለካት ይተወዋል። 11 ሰዓት ከ50 ላይ 94 ደረሰ። በዚህ ጊዜ አንድ ቁራጭ ዳቦ ከእንቁላል ጋር ሰጠቻቸው፤ ፈጣኑ ስኳር ፈጥኖ ስለሚያልቅ የሚያቆይ ምግብ ያስፈልገዋልና።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የወረደው ስኳር ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አባወራው ማምሻውን፣ ከመተኛታቸው በፊትና በሱሑር ሰዓት መለካት አለባቸው፤ ብቻቸውንም ማደር የለባቸውም። የማታውን መድኃኒት እንደ ልማዳቸው ከመዋጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ወይም የጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባቸዋል። በማግስቱም መጠኑ ሳይስተካከል መፆም አይገባም፤ ትናንት ስኳሩን ያወረደው መድኃኒት ነገም በዚያው ሰዓት ያወርደዋልና።

ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም መዋጥ ካልቻለ ደግሞ ከላይ የተባለው ሁሉ ይቀራል። ስኳር ውኃም ሆነ ማር በአፉ ማፍሰስ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። እዚያ ግሉኮስ በደም ሥሩ ይሰጠዋል።

ብዙ አባቶችና እናቶች ስኳራቸው መውረዱን እያወቁ የሚደብቁት ፆሙን ማጣት ስለሚከብዳቸው ነው። ይህን ስሜት እናከብራለን። ይሁንና ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ፆምን ሲደነግግ በዚያው ስፍራ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣው ፈቅዷል። ወደፊትም መፆም የማይችል ሕመምተኛ ፊድያ አለው። የትኛው እንደሚመለከተው ከሐኪሙ ቃል ጋር ዓሊም ጠይቆ መረዳት ይችላል። ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ስኳር ውኃ ይዞ ሲቀርብ “ፆሜን አስፈታችሁኝ” ብሎ መቆጣት አይገባም፤ ፆሙን የፈታው ሕመሙ ነው።

ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ዛሬ ማምሻውን ሦስት ነገር ያዘጋጅ። መለኪያው ከነመውጊያውና ከነስትሪፑ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ተለክቶ በትንሽ ዕቃ አጠገቡ ይኑር። ቢያንስ ሁለት የቤተሰብ አባላትም 70 የሚለውን ቁጥር በቃላቸው ይያዙ። ከዚያ በኋላ ከመግሪብ በፊት አንድ ሰው ዝም ቢል ወይም ላብ ቢያጠምቀው የቤቱ ጥያቄ “ስንት ሰዓት ቀረው?” መሆኑ ቀርቶ “እጅህን ታጥበህ ተለካህ ወይ?” ይሁን።