ዲካፍም ካፌይን አለው

ሰሞኑን በአንድ ጋዜጣ ላይ «ዲካፍ ቡና ቅንጣት ካፌይን የለውም፤ ማታም እንደ ልብ ይጠጣል» ተብሎ የተጻፈው ስህተት ነው።

ካፌይኑ የሚወጣው ቡናው ሳይቆላ ነው። በውሃው ዘዴ ጥሬው ቡና የሚዘፈዘፈው የቡና ጣዕም በጠገበ፣ ካፌይኑ ግን በከሰል ተጣርቶ በወጣለት ውሃ ነው። ውሃው ተጨማሪ ጣዕም ስለማይቀበል ከፍሬው በብዛት የሚወጣው ካፌይኑ ነው። ይሁንና ፍሬው ውስጥ ያለው ካፌይን እያነሰ ሲሄድ የቀረው የሚወጣው እያዘገመ ስለሆነ ጥቂቱ እዚያው ይቀራል።

የጀርመን ደንብ እንኳ በአንድ ኪሎ ደረቅ ዲካፍ ቡና እስከ 1 ግራም ካፌይን ይፈቅዳል። በዚህ ስሌት 10 ግራም ዱቄት እስከ 10 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። ለአንድ ስኒ ኢምንት ነው፤ አምስት ስኒ ለሚደጋግም ግን 50 ይደርሳል። እንቅልፍ አልወስድ ያለው ሰው ጸሐፊውን ይጠይቅ።