ቅዳሜ ማታ የተበላ ክትፎ እሁድ አይሮጥም

እሁድ አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ማራቶን ወይም ማራቶን ያለው የሆሳዕና ሯጭ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍሮ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ማታ አሰልጣኙ ወይም ከተማ ያለው ዘመድ ክትፎ ቤት ወስዶ፣ "ብላ እንጂ፣ ነገ ጉልበት ያስፈልግሃል" ይለዋል። በፍቅር የተደረገ ግብዣ ነው፤ ግን ልጁን ይጎዳዋል።

ረጅም ርቀት የሚያስሮጠው ዋናው ነዳጅ በጡንቻና በጉበት ውስጥ የተከማቸ ስኳር ነው፤ ግላይኮጅን ይሉታል። የሚሠራውም ከእንጀራ፣ ከቆጮ፣ ከዳቦ፣ ከድንች፣ ማለትም ከካርቦሃይድሬት ነው። ክትፎ ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያለው ፕሮቲንና ቅቤ ነው። ቅቤ ደግሞ ከሆድ ቶሎ አይወጣም፤ ሯጩ ንጋት ላይ ሆዱ ከብዶት ይነሳል፣ ቁርስም አያሰኘውም። ጥሬ ሥጋ ከሆነ ኮሶውና ተቅማጡ ተጨማሪ ዕዳ ነው። ክትፎና አታካና ለያሆዴ ያምራሉ፤ ለውድድር ዋዜማ ግን አይሆኑም።

"ታዲያ ትልልቆቹ ምን ይበሉ ነበር?" የሚል ካለ፣ መልሱ ተመዝኗል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሥር የኢትዮጵያ ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች ከትልቅ ውድድር በፊት በነበሩት ሰባት ቀናት የበሉትን መዝግቧል። ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 9.7 ግራም ገደማ። ያወጡትንና ያስገቡትን ኃይል ሲያነጻጽሩት ተቀራራቢ ነበር። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ ሰዎች በአንድ እራት አልተማመኑም። ሳምንቱን ሙሉ በልተዋል።

የኛ ልጆች ችግር ያለው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ጠንካራ ልምምድ ይሠራሉ፣ ከዚያ በአንድ ብርጭቆ ሻይ እስከ ምሳ ይቆያሉ፣ ከሰዓት ደግሞ እንደገና ይሮጣሉ። በከባድ ልምምድ የባዶውን ጡንቻ ለመሙላት፣ በደንብ ቢበላ እንኳ፣ አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ማክሰኞ ያልተሞላው ረቡዕ ይብሱን ይጎድላል። ምልክቱ አይደበቅም። እግር ከመጀመሪያው ዙር ይከብዳል፣ ትናንት የቀለለው ፍጥነት ዛሬ ያስለከልካል፣ ሌሊት ረሃብ ይቀሰቅሳል፣ ኪሎ በየሳምንቱ ይወርዳል። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ከቀረ ደግሞ "ጥሩ ሯጭ ሆነች" ማለት አይደለም፤ ሐኪም የሚያሻው ነገር ነው፤ አንዱ ምክንያት ምግብ ማነስ ሊሆን ይችላል።

55 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ እንውሰድ። በዚያ ልክ ቢሰላ በቀን 530 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። ብዙ ይመስላል፤ ግን የሰፈር ምግብ ይበቃዋል። ከጠዋት ልምምድ እንደተመለሰ ሁለት መካከለኛ ዳቦ፣ ሁለት ሙዝና ሁለት ብርጭቆ ስኳር ያለው ሻይ ቢወስድ 180 ያህል አገኘ። ምሳ ላይ አንድ ተኩል ትልቅ እንጀራ በሽሮ ሌላ 180 ነው። ከሰዓት አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ 35። እራት ፓስታ ወይም ቆጮ ከድንች ጋር 140። ሞላ። እንቁላል፣ ወተት ወይም ጥቂት የበሰለ ሥጋ ጡንቻን ለመጠገን ይጨመራል እንጂ የእንጀራውን ቦታ አይወስድም።

ከሐሙስ በኋላ ልምምዱ ይቀንሳል፣ ምግቡ ግን አይቀንስም፤ መጋዘኑ የሚሞላው ያኔ ነው። በዚህ ጊዜ ኪሎ በአንድ ገደማ ቢጨምር አይደነገጥም፤ ግላይኮጅን ውኃ ይዞ ስለሚከማች ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚፈጅ ሩጫ ነው። ለአሥር ኪሎ ሜትር እንደወትሮው በደንብ መብላት ይበቃል።

ቅዳሜ በመኪና ዳቦ፣ ሙዝና ውኃ ይያዝ። እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ሩዝ ወይም ፓስታ በቀላል የቲማቲም ስጎ፤ ቅቤ፣ ባቄላና የሚያቃጥል በርበሬ ይቅሩ። ሌሊት ጉበት ያከማቸው ስለሚቀንስ፣ ሩጫው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ 11 ሰዓት ላይ ነጭ ዳቦ በማርና ሻይ፣ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ያህል ይብላ። በልምምድ ያልተሞከረ ምግብ በዚያ ጠዋት አይቀመስም።

ክለቦች ገንዘብ የለንም ይላሉ። ለቅዳሜ ክትፎ ግን ይገኛል። ያንኑ ብር ከሰኞ ጀምሮ ዳቦና ሙዝ ይግዙበት። ክትፎው ለእሁድ ማታ ይቆይ፤ ያኔ ልጁ ሮጦ ጨርሷል፣ ይጣፍጠዋልም።