ዝናብ ወይስ በረዶ፦ መቁረጫ ነጥቡ የማን ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በረዶ እየወረደ፣ በዚያው ሰዓት አሌክሳንድሪያ ላይ ዝናብ ብቻ መዝነቡ በዋሽንግተን አካባቢ የቅዝቃዜ ወራት አዲስ ነገር አይደለም። አሌክሳንድሪያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ዝቅ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ አንድና ሁለት ዲግሪ ሁሉንም ነገር ይለውጣል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ለነዋሪው የሚደርሰው ትንበያ «በረዶ ይጥላል» ወይም «አይጥልም» የሚል ቁርጥ ያለ ቃል ነው። ትንበያው ከመነሻው ቁርጥ ያለ ስላልሆነ፣ በመካከል አንድ ሰው ቆርጦታል ማለት ነው።

የቀደመው የትንበያ ልማድም ቆራጭ ነበር። ከባሕር ወለል አጠገብ እስከ ከባቢ አየሩ አጋማሽ ያለው የአየር ንብርብር ውፍረቱ ከ5400 ሜትር በታች ከሆነ በረዶ፣ በላይ ከሆነ ዝናብ ይባል ነበር። ሃሪ ግላን እና ጆሴፍ ቦኪዬሪ የተባሉ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ግን ሌላ መንገድ ተከተሉ። በሎጂስቲክ ሞዴል አማካይነት ውፍረቱንና የላይኛውን አየር ሙቀት ወደ ዕድል ቀየሩት። 5400 የሚለው ወሰን ለሁሉም ቦታ እኩል ስለማይሠራም ዝናብና በረዶ እኩል ዕድል የሚኖራቸውን ነጥብ ለየጣቢያው ለይተው ፈለጉ።

ስሌቱ በምሳሌ ይታይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው፤ T በምድር ገጽ ያለው ሙቀት በሴልሺየስ፣ p ደግሞ የበረዶ ዕድል ነው።

```
log(p / (1 - p)) = 1.2 - 0.8 T
```

በግራ ያለው የዕድሉ ሎግ-ኦድስ ነው። ኦድስ ማለት የመሆን ዕድል ላለመሆን ዕድል ሲካፈል የሚገኘው ንጽጽር ነው። ቀጥታ መስመር የሚሠራው በዚህ ሚዛን ላይ እንጂ በዕድሉ ላይ አይደለም። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ኦድሱ በ0.45 ይባዛል፤ ይህ በየትኛውም ሙቀት አይለወጥም። ዕድሉ ግን እንዲህ አይደለም። ከ1.5 ወደ 2.5 ዲግሪ ሲወጣ ከ50 ወደ 31 በመቶ ይወርዳል፤ ከ5.5 ወደ 6.5 ሲወጣ ግን ከ4 ወደ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ «አንድ ዲግሪ የበረዶን ዕድል በይህን ያህል በመቶ ይቀንሳል» የሚል ሰው ሞዴሉን አላነበበውም።

እንግዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ 0.5፣ አሌክሳንድሪያ ላይ 2.5 ዲግሪ ይሁን። ሞዴሉ ለመጀመሪያይቱ 69፣ ለሁለተኛይቱ 31 በመቶ ይሰጣል። መቁረጫ ነጥቡ 50 በመቶ ከሆነ አሌክሳንድሪያ «ዝናብ» ተብላ ታልፋለች። ነገር ግን 50 በመቶ ከሞዴሉ የወጣ ቁጥር አይደለም። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል ይጎዳሉ የሚል ያልተነገረ ፍርድ ነው፤ በመንገድ ላይ ደግሞ እኩል አይጎዱም። ጨው መበተን 1 ቢያስወጣ፣ ሳይበተን በረዶ ቢጥል የሚደርሰው ኪሳራ 5 ቢሆን፣ ዕድሉ ከአንድ አምስተኛ ማለትም ከ20 በመቶ ሲበልጥ መበተን ያዋጣል። ትምህርት ቤት መዝጋት ግን ሥራ የሚውሉ ወላጆችን ስለሚያስቸግር መቁረጫው ከዚህ በጣም ከፍ ሊል ይገባል። በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ዕድል፣ ጨው የሚበትነው ክፍልና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የተለያየ ውሳኔ ቢወስኑ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሕዝቡ ግልጽ መልስ ይሻል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ ሆኖም መልሱን መቁረጥ ያለበት ኪሳራውን የሚሸከመው ወገን ነው። ትንበያ ሰጪው ቀድሞ ከቆረጠው፣ 31 በመቶና 2 በመቶ በአንድ «ዝናብ» ስር ይቀበራሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የግላንና የቦኪዬሪ ዕድል ሁኔታ ያለበት ነው፤ የሚናገረው አንዳች ነገር ከሰማይ የሚወርድ ከሆነ በረዶ የመሆኑን ዕድል ነው። ዝናብ ወይም በረዶ የመውረዱ ዕድል 60 በመቶ ቢሆን፣ የአሌክሳንድሪያ 31 በመቶ በ0.6 ተባዝቶ 19 በመቶ ያህል ይሆናል፤ የጨው መኪኖቹም አይወጡም። የመውረዱ ዕድል 80 በመቶ ቢሆን 25 በመቶ ይደርሳል፤ ይወጣሉ።

ይህ ሁሉ የሚያገለግለው ዕድሉ የታመነ ሲሆን ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሞዴሉ ወደ 30 በመቶ የሰጣቸውን ቀናት ሰብስቦ በስንቱ በረዶ እንደጣለ መቁጠር። ከአሥሩ ሦስት ያህል ከሆነ መልካም፤ አምስት ከሆነ ግን መቁረጫው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጥ ውሳኔው ይሳሳታል። «ከመቶ ስንቱን አገኘ?» የሚለው የተለመደ መለኪያ ይህን አያሳይም። ከሃያ እርጥብ ቀናት በአንዱ ብቻ በረዶ በሚጥልበት ጣቢያ፣ ሁልጊዜ «ዝናብ» የሚል ሰው 95 በመቶ ትክክል ነው፤ በዚህ ትንበያ የሚመራ የመንገድ ክፍል ግን አንድም ጊዜ የጨው መኪና አያስወጣም።