በሁሉም ረድፍ የሚያሸንፍ ሰንጠረዥ

በክፍላችን የሚቀርቡ የንግድ እቅዶችን ላገላበጠ ሰው አንዱ ገጽ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ የተፎካካሪዎች ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ። በስተግራ መስፈርቶች፣ ከላይ የነጋዴዎቹ ስም፣ በመሐል የራይትና የኤክስ ምልክት። የእቅዱ ባለቤት አምድ ከላይ እስከ ታች ራይት ብቻ ነው። በኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ ባለቤቱን ከማስደሰት አልፎ የሚነግረን ነገር የለም።

ለአብነት ጀጎል ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ፣ የተቆላ ቡና በከረጢት አሽጎ ለመሸጥ የታሰበ እቅድ እንውሰድ። ባለቤቱ የሚጽፋቸውን መስፈርቶች ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፦ ጥራት፣ ትክክለኛ የሐረር ቡና፣ ዘመናዊ ማሸጊያ፣ መልካም መስተንግዶ፣ ተመጣጣኝ ዋጋ።

ከ«ትክክለኛ የሐረር ቡና» እንጀምር። ስሙ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ነገር ግን ስሙ የእኛ ሱቅ ብቻ አይደለም። ከሐረርጌ ደጋ በደረቅ ዘዴ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ያንኑ ቡና ጎረቤት ያለው ቆዪም ይቆላል፣ ገበያ ላይ ጥሬውን የምትሸጠው ሴትም ትሸጣለች። ሁሉም ራይት የሚያገኙበት ረድፍ አያነጻጽርምና ይውጣ። «ጥራት» እና «መልካም መስተንግዶ»ም ይውጡ፤ የሚለካቸው የለም፣ ማንም ሰው ለራሱ ኤክስ አይሰጥም።

ቀጥሎ የጎደለውን አምድ እንፈልግ። የዚህ እቅድ ትልቁ ተፎካካሪ ሌላ ሱቅ ሳይሆን የሰው ቤት ምጣድ ነው። የከተማው ሰው ጥሬ ገዝቶ እቤቱ ይቆላል። ታዲያ ዋጋው እንዴት ይነጻጸራል? ብዙዎች የጥሬውን ኪሎ ከተቆላው ኪሎ ጎን ያስቀምጣሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ቡና ሲቆላ ውሃው ስለሚተን ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ያጣል። ለስሌት ያህል ብቻ ጥሬው በኪሎ 500 ብር ነው እንበል። 20 በመቶ ከቀነሰ የሚቀረው 800 ግራም ነውና አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና እቤት 625 ብር ያስወጣል፤ ከሰሉ ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። እኛ በ700 ብር ብንሸጥ ልዩነቱ 200 ሳይሆን 75 ብር ነው። ቢሆንም ተወዳድረን ተሸንፈናል፤ በዋጋ ረድፍ ኤክስ መቀበል አለብን።

ጉዱ ገና አላለቀም። «ተቆልቶ የቀረበ» የሚለው ራሱ ለማን ጥቅም ነው? ቡና አፍልታ ጎረቤት ለምትጠራ እናት መቁላቱ የሥርዓቱ አካል ነው፣ ጭሱ ለእንግዳው ይዞርለታል። ለእሷ የተቆላው ጉድለት ነው። ወደ ሌላ አገር ይዞ ለሚሄድ ጎብኚ ግን ምጣድ ስለሌለው ዋናው ነገር ያ ነው። ስለዚህ ሁለት ደንበኛ በአንድ ሰንጠረዥ አይነጻጸርም፤ ሁለት ሰንጠረዥ ይሠራ ወይም አንዱ ደንበኛ ይመረጥ። እኔ ብሆን ጎብኚውን እመርጥ ነበር።

የጎብኚው ሰንጠረዥ ረድፎች ከባለቤቱ ጭንቅላት ሳይሆን ከገዢው አፍ ይምጡ። ከረጢት ይዘው የሚወጡ አሥር ሰዎችን «ለምን ከዚህ ገዙ?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። አንዱ መቼ እንደተቆላ ማወቅ ይፈልግ ይሆናል፣ ሌላው ሻንጣ ውስጥ የማይፈስ ከረጢት፣ ሌላው ደግሞ አስጎብኚው ይዞት ስለገባ ብቻ ነው የገዛው። ይህ የመጨረሻው የሚያናድድ መልስ ነው፤ ግን ረድፍ ይሁን፣ ነባሩ ሱቅም እዚያ ላይ ይብለጠን።

የእኛ ብልጫ የሚባለው ታዲያ የትኛው ነው? ከረጢቱ አይደለም፤ ጎረቤት ነገ ገዝቶ ያመጣዋል። የተቆላበትን ቀን ማተም ግን ትንሽ ይለያል። ማኅተሙን ማንም ያስቀርጻል፣ ሆኖም አንድ ጊዜ ብዙ ቆልቶ ለሳምንታት የሚሸጥ ሰው ቀኑን ቢያትም ራሱን ያጋልጣል። እኛን ለመምሰል በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት መቁላት ይኖርበታል። ይህ የአሠራር ለውጥ ነው፣ ወጪም አለው። በጎኑ «ለመቅዳት ምን ያስከፍላል?» የሚል አምድ ቢጨመር እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይለያል። እርግጥ እኛም በየሁለት ቀኑ መቁላት አለብን፤ የሚሸጠው ትንሽ ከሆነ ቀኑ የታተመበት ያረጀ ከረጢት መደርደሪያችን ላይ ቁጭ ብሎ እኛኑ ያጋልጣል።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ስሞቹን አጥፍቶ በሀ፣ በለ፣ በሐ መተካትና እቅዱን ለማያውቅ ጓደኛ ማሳየት ጥሩ መፈተኛ ነው። «የትኛው ነው የባለቤቱ?» ሲባል ወዲያው ካወቀ፣ ከመምህሩ ፊት ከመቅረቡ በፊት እንደገና ወደ ሱቁ በር ሄዶ መጠየቅ ነው።