የዘር መጋዘን ጠባቂ ከመመረጡ አስቀድሞ ስለሚጻፍ የነጥብ ወረቀት

አንድ ወረዳ የስንዴ ዘር መጋዘን ጠባቂ ሊቀጥር ሲያስብ፥ አመልካቾችን ከመጥራቱ በፊት ከሥራው የሚፈለገውን ፍሬ በወረቀት ሊጽፍ ይገባዋል። «ትጉህ፥ ታማኝ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ መለኪያ የሌለውን ቃል መርማሪው ሁሉ እንደ ወደደ ይተረጉመዋልና። ይልቁንስ እንዲህ ይጻፍ፤ በመዝሪያ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ከተዘረጋው 100 ፍሬ 85ቱ በ8 ቀን ውስጥ ይብቀሉ፤ ዘሩ ዝናም ሳይገባ ለገበሬው ይድረስ፤ መዝገቡና ሚዛኑ ይስማሙ። ለእያንዳንዱም 5 ነጥብ ይመደብ።

ከዚህ በኋላ አመልካቹ «ከዚህ ቀደም በያዙት ጎተራ ነቀዝን በምን ተከላከሉ?» ተብሎ ስለ ሠራው ይጠየቅ፤ መርማሪዎቹም ሳይመካከሩ ነጥባቸውን ለየብቻ ይጻፉ። የዝናም መጥፋት ግን ከጠባቂው ሥልጣን ውጭ ነውና በወረቀቱ አይግባ። ሰውየው ከታየ በኋላ የተጻፈ መለኪያ ለሥራው ሳይሆን ለሰውየው ልክ የተሰፋ ልብስ ይሆናል።